ሻካራ ክንድና የጥር ሠርግ

"አክስቴ፣ ክንዴን እሳት በላኝ!" ብላ የእህቴ ልጅ የደወለችልኝ ጥቅምት 28 ቀን ማታ ነው። ከኋላዋ "በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቢ አልኩሽ እኮ!" የሚል የእናቷ ድምፅ ይሰማኛል። ልጅቷ 19 ዓመቷ ነው። የአጎቷ ልጅ ጥር 24 ቀን ልታገባ ስለሆነ ሚዜ ሆና ተመርጣለች፤ ለሚዜዎቹ የታዘዘው ቀሚስ ደግሞ እጅጌ የለውም።

ነገሩን ቀስ ብዬ ስጠይቃት እንዲህ ነበር። ሜሪላንድ የምትኖረው ታናሽ እህቴ "ለሻካራ ክንድ ይሆናል" ብላ በመንገደኛ ሎሽን ልካላታለች። ልጅቷ ሎሽኑ ጠልቆ እንዲገባ በማሰብ መጀመሪያ ሙቅ ሻወር ገባች፤ ክንዶቿንም ተረከዝ በምትፈገፍግበት ድንጋይ አሥር ደቂቃ ያህል ፈገፈገች። ከዚያ ሎሽኑን አብዝታ ቀባች። ሎሽኑ ውስጥ ያለው አሞኒየም ላክቴት የሚባል፣ ከአሲድ ወገን የሆነ ነገር ነው፤ መጠኑም 12 በመቶ። በተላጠ ቆዳ ላይ ምን እንደሚያደርግ ለመገመት መድኃኒት ቤት መሥራት አያስፈልግም። እኔ ግን ሃያ ዓመት ሠርቻለሁና በማግሥቱ ቤቴ እንድትመጣ ነገርኳት።

ክንዷን ሳየው የጠበቅሁትን ነው ያገኘሁት። ከትከሻዋ ዝቅ ብሎ እስከ ክርኗ ባለው የክንዷ ጀርባና ውጫዊ ጎን ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያካክሉ ጥቃቅን እብጠቶች ተራርቀው ተሰልፈዋል። በጣት ሲዳሰሱ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራሉ። እያንዳንዷ እብጠት መሐሏ ላይ ጥቁር ነጥብ አላት። የክንዷ የውስጥ ጎን፣ ደረቷና ሆዷ ግን ልሙጥ ናቸው። ድንጋዩ የነካው ቦታ ብቻ ቆዳው ተወጥሮ ያብለጨልጫል። እናቷ አጠገቧ ቆማ "ብጉር ነው አይደል? ቅባት ስለምታበዛ ነው" አለች። ብጉርም አልነበረም፣ ከቅባት የመጣም አልነበረም።

ሐኪሞች ኬራቶሲስ ፒላሪስ ይሉታል። የመጀመሪያው ቃል ቀንድ ከሚለው የግሪክ ቃል፣ ሁለተኛው ጠጉር ከሚለው የላቲን ቃል የመጡ ናቸው፤ "የጠጉር ቀንድ" ብንለው ከእውነቱ አንርቅም። ቆዳችን በየቀኑ ከላይ ያረጁ ሴሎችን ያራግፋል። እነዚህ ሴሎች ኬራቲን በሚባል፣ ጥፍርና ጠጉር በተሠሩበት ጠንካራ ነገር የተሞሉ ናቸው። የአብዛኛው ሰው አሮጌ ሴል ሳይታወቀው ተራግፎ ይሄዳል። የአንዳንዱ ሰው ግን በጠጉር መውጫ ቀዳዳዎች አፍ ላይ እርስ በርስ ተጣብቆ ይከማችና ቀዳዳውን እንደ ጠርሙስ ውታፍ ይወትፈዋል። በጣት የምንዳስሰው ያንን ውታፍ ነው። አንዳንዴ ከሥሩ መውጫ ያጣች ቀጭን ጠጉር ተጠቅልላ ትገኛለች። በዙሪያው ትንሽ መቆጣት ሲጨመር በቀይ ሰው ላይ ቅላት፣ በእኛ ዓይነት ቆዳ ላይ ደግሞ ቡናማ ወይም ጥቁር ነጥብ ይሆናል።

ከቆሻሻ አይመጣም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። በዘር የሚሄድ ነገር ነው፤ ከወላጆች አንዱ ካለው እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ያህል ነው። ይህን ስናገር እህቴ ዝም ብላ የሹራቧን እጅጌ ሰበሰበችና ክንዷን አሳየችን። 47 ዓመቷ ነው፤ አሁንም ጥቂት ፍሬዎች ቀርተዋታል። "እኔማ በልጅነቴ ብሶብኝ ነበር፤ ሲበርደኝ የሚመጣ ነው ብዬ ነው የተውኩት" አለች። ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ በልጅነት ይጀምራል፣ በጉርምስና ይብሳል፣ ከሠላሳና አርባ ዓመት በኋላ እየከሰመ ይሄዳል። ከአዋቂዎች እስከ 40 በመቶ፣ ከጎረምሶችና ከኮረዶች ደግሞ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እንዳለባቸው ይገመታል። ችፌ ወይም አስም ባለበት ቤተሰብና ቆዳው ቶሎ በሚደርቅ ሰው ላይ ይበልጥ ይታያል።

ድርቀት የሚለውን እዚህ ላይ ያዙልኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ክረምቱ አልፎ ኅዳር ሲገባ አየሩ ይደርቃል፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ሰዉም ሙቅ ውሃ ውስጥ መቆየት ይወዳል። ውታፉ የሚደነድነው በዚህ ወቅት ነው። የሠርጉ ወቅት የሚመጣው ደግሞ ከገና በኋላ፣ በዚያው ደረቅ ወራት መጨረሻ ላይ ነው። እጅጌ የሌለው ቀሚስና የዓመቱ ሻካራ ክንድ ጥር ላይ ይገናኛሉ ማለት ነው።

እንግዲህ መፈግፈግ ለምን አይሠራም? ውታፉ የተተከለው ከቆዳው ወለል ዝቅ ብሎ ነው። ድንጋዩ ጫፉን ይቆርጠዋል፤ ሥሩን አይደርስበትም። ለዚህ ነው ከሻወር እንደወጡ ክንዱ ልስልስ የሚለው፣ በሦስተኛው ቀን ደግሞ እንደነበረው የሚሆነው። ይህ የአንድ ቀን ልስላሴ ሰውን ያታልላል፤ "ትንሽ ጠንከር አድርጌ ባሸው" ያሰኛል። በዚህ መሐል በቀዳዳዎቹ ዙሪያ ያለው ጤነኛ ቆዳ ይቆስላል። የተቆጣ ቆዳ ራሱን ለመከላከል ይወፍራል፤ ኬራቲን ይጨምራል። ጥቁር ቆዳ ደግሞ በተቆጣ ቁጥር ማቅለሚያውን ያፈሳል። የእህቴ ልጅ ካሉባት ጥቁር ነጥቦች አብዛኞቹን ያመጣው በሽታው ሳይሆን ድንጋዩና የራሷ ጥፍር ነው። ጠዋት ማታ ትጨምቃቸው ነበር፤ መግል አይወጣም፣ ነጭ ደረቅ ቅንጣት ብቻ ትወጣለች፤ ቦታው ግን ለወራት ይጠቁራል።

ስለዚህ ሁለት ነገር ነው የሚፈለገው፤ ውታፉ ውሃ ጠጥቶ እንዲለሰልስ፣ ከዚያም ሴሎቹ የተጣበቁበት ሙጫ ቀስ ብሎ እንዲላላ ማድረግ። ይህን የሚሠሩት ሦስት ነገሮች በየመድኃኒት ቤቱ ይታወቃሉ። ዩሪያ፣ ላክቲክ አሲድና ሳሊሲሊክ አሲድ ናቸው።

ዩሪያ ስል እህቴ ሳቀች። "ማዳበሪያውን ነው?" አለች። አልተሳሳተችም፤ ገበሬው ማሳው ላይ የሚበትነው ዩሪያና ክሬሙ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገሩ አንድ ነው። ግን ከጆንያ ዘግኖ ቅባት ውስጥ መደባለቅ አይታሰብም። የማዳበሪያው ለቆዳ በሚሆን ንጽሕና አልተዘጋጀም፤ መጠኑንም ቤት ውስጥ ማስተካከል አይቻልም። ጤነኛ ቆዳ ራሱ ዩሪያ አለው፤ ውሃ ይዞ የሚቆየው በከፊል በእሱ ነው። ከ10 እስከ 20 በመቶ ሆኖ በክሬም ሲቀባ ውሃ ወደ ውታፉ ይስባል፣ ኬራቲኑንም ያላላል። ቆዳው ለሚቆጣ ሰው መጀመሪያ የምሰጠው የ10 በመቶውን ነው።

ላክቲክ አሲድ እርጎን የሚያኮመጥጠው ነገር ነው። ይህን እንደሰማች የእህቴ ልጅ "እንግዲያው እርጎ ልቀባ!" አለች፤ የነቢያት ጾም እየመጣ ነውና ቤት ውስጥ የሚበላው የለም በሚል ሒሳብ። እርጎ ውስጥ ያለው አሲድ ግን አንድ በመቶ ገደማ ቢሆን ነው፤ ሥራ የሚሠራው ደግሞ በ10 እና በ12 በመቶ ነው። እርጎ ተቀብቶ የሚተርፈው ሽታው ብቻ ነው። የሎሚና የስኳሩ ነገር ከዚህ ይብሳል፤ ስኳሩ እንደ ድንጋዩ ይፈገፍጋል፣ ሎሚ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ ሊቃጠልና ለረጅም ጊዜ ሊጠቁር ይችላል።

የታይላንድ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት 10 በመቶ ላክቲክ አሲድንና 5 በመቶ ሳሊሲሊክ አሲድን አወዳድረው ነበር። ከ12 ሳምንት በኋላ እብጠቶቹ በመጀመሪያው በአማካይ 66 በመቶ፣ በሁለተኛው 52 በመቶ ቀነሱ። ከዚህ ቁጥር እኔ የምወስደው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሁለቱም ይሠራሉ። ሁለተኛ፣ የተሻለው እንኳ በሦስት ወር ሁሉንም አላጠፋም። "በሁለት ሳምንት ድራሹን የሚያጠፋ" ተብሎ የሚሸጥ ነገር ካጋጠማችሁ ውስጡ ያለው ምን እንደሆነ ጠይቁ።

በተለይ ስም በሌለው ዕቃ ተሞልቶ ስለሚሸጥ ክሬም ልናገር። እንዲህ ያሉ ድብልቆች ውስጥ ብዙ ጊዜ ጠንካራ ስቴሮይድ ይገኛል፤ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል። በመጀመሪያው ሳምንት መቆጣቱን ስለሚያበርደው ክንዱ ያምራል፤ ገዢውም ለጓደኞቹ ይናገራል። ውታፉን ግን አይነካውም። ለወራት ሲቀባ ቆዳውን ያሳሳል፣ እንደ እርግዝና ሸንተረር ያለ የማይጠፋ መስመር ያወጣል፣ ሲያቆሙት ደግሞ የባሰ ሽፍታ ይዞ ይመለሳል። ስንት ሰው እንደዚህ ሆኖ ቆጣሪዬ ፊት እንደቆመ እኔ ነኝ የማውቀው። ብዙዎቹ መጀመሪያ የነበራቸው ከዚህ የእህቴ ልጅ ክንድ የማይከፋ ነገር ነበር።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። እስከ ሠርጉ ቀን 12 ሳምንት ነበረን፤ በቂ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ግን ምንም አሲድ እንዳትነካ አልኳት። "ጊዜ እኮ እያለፈ ነው!" ብላ ተቆጣች። የተላጠ ቆዳ ሳይድን መጀመር ግን መልሶ ማቃጠል ነው። ድንጋዩን ወደ እግሯ መለሰች። ሻወሩ ለብ ባለ ውሃ ሆነ፤ ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም። ሳሙና ለብብት፣ ለእግርና ለመሰል ቦታ ብቻ፤ ክንድ በየቀኑ ሳሙና አያስፈልገውም። ስትወጣ በፎጣ መታ መታ አድርጋ ታደርቃለች እንጂ አታሽም። ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ፣ በሁለት በሦስት ደቂቃ ውስጥ፣ በውሃ የቀጠነ ግሊሰሪን ትቀባለች፤ አንድ እጅ ግሊሰሪን ለሦስት እጅ ውሃ። ከላዩ ስስ ቫዝሊን ታሳርፍበታለች። ግሊሰሪን ንጹሑን ሳይቀጥን በደረቅ አየር መቀባት ብዙ ቤት የሚሠራ ስህተት ነው፤ ከአየሩ የሚስበው ውሃ ሲያጣ ከቆዳው ራሱ ይስባል።

ኅዳር 12 ቀን ስመለከተው ማብለጭለጩ ጠፍቷል፤ ሻካራነቱም በትንሹ ረግቧል። በድርቀት ብቻ የመጣው ክፍል ይህ ነበር። አንዳንድ ሰው፣ በተለይ ትንሽ ልጅ፣ ከዚህ አልፎ መሄድ አያስፈልገውም።

ቀጥሎ የ10 በመቶ ዩሪያ ክሬም ሰጠኋት። ሦስት ቀን ክርኗ መታጠፊያ አጠገብ የአንድ ብር ሳንቲም በሚያክል ቦታ ብቻ ሞከረችው። ምንም ስላልሆነች ከኅዳር 16 ጀምሮ አንድ ማታ እየዘለለች ሻካራው ቦታ ላይ ቀባች፤ ታኅሣሥ ሲገባ በየማታው ሆነ። መጠኑን በጣት አሳየኋት። ከቲዩቡ ወጥቶ ከሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው አንጓ የተዘረጋ ክሬም ግማሽ ግራም ያህል ነው፤ የሁለት መዳፍ ስፋት ያዳርሳል። ለአንድ ክንድ ያ ይበቃል። ለሁለቱ በቀን አንድ ግራም ይሆናልና ባለ 30 ግራሙ ቲዩብ አንድ ወር ይሄዳል። በሳምንት ከጨረሳችሁት ታበዛላችሁ ማለት ነው፤ ስድስት ወር ከቆየ ደግሞ አትቀቡም ማለት ነው።

ሲቀባ ጥቂት ደቂቃ ቆንጠጥ ማድረጉ ያለ ነው። ግማሽ ሰዓት አልፎ ካልተወ ግን መታጠብና ማረፍ ይገባል። የማስጠንቀቂያውን ምልክት ሰው የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። በየጥቅሉ ላይ "ቆዳዎ ከቀላ ያቁሙ" ተብሎ ይጻፋል፤ የእኛ ቆዳ ደግሞ ሲቀላ አይታይም። በዓይን ቀይ ከመፈለግ በእጅ ጀርባ መዳሰስ ይሻላል። ቦታው ከአካባቢው ከሞቀ፣ ከተወጠረ፣ ካብለጨለጨ፣ ካሳከከ ወይም ከትናንቱ ጠቆር ካለ ተቆጥቷል።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ከሜሪላንድ የመጣውን ሎሽን ከመሳቢያ አወጣንላት። አንድ ማታ ዩሪያ፣ አንድ ማታ ሎሽኑ፤ ሁለቱን በአንድ ማታ አይሆንም። ሎሽኑን ቆዳው በደንብ ከደረቀ በኋላ እንድትቀባም ነገርኳት፤ በእርጥብ ቆዳ ላይ አሲድ ይበልጥ ይቆነጥጣል። ሦስተኛው፣ ሳሊሲሊክ አሲዱ፣ ለእሷ አላስፈለገም። እሱን አስፕሪን የማይስማማው ሰው አይነካውም፤ በትንሽ ልጅ ሰውነት ላይ በሰፊው አይቀባም፤ ነፍሰ ጡርም ሐኪሟን ሳትጠይቅ በሰፊ ቦታ አትጠቀምበትም። ሐኪም የሚያዛቸው ትሬቲኖይንና አዳፓሊን የሚባሉ ክሬሞችም አሉ፤ ለእርጉዝና ለማርገዝ ላሰበች ሴት አይሰጡም።

ለውጡን በመስታወት መከታተል አይቻልም፤ ስሜት ይገባበታል። ቀኝ ክንዷ ላይ አንዲት ማርያም የሳመቻት ነጥብ አለቻት። ከእሷ አጠገብ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጠን ዙሪያውን በእስክሪብቶ አከበብንና ውስጡ ያሉትን እብጠቶች ቆጠርን፤ 17 ነበሩ። በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ጠዋት እዚያው መስኮት አጠገብ ቆጠርን፤ በስልክም ፎቶ አነሳን። ኅዳር መጨረሻ ላይ 15 ናቸው። ልጅቷ ተስፋ ልትቆርጥ የደረሰችው ያን ጊዜ ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚተወውም በዚሁ በአንደኛው ወር ላይ ነው። ታኅሣሥ አጋማሽ 11 ሆኑ።

ከዚያ ጥፋት መጣ። ታኅሣሥ 26 ማታ፣ ለገና ብላ፣ የክንዷን ጠጉር በምላጭ ላጨችና ተራው የሎሽኑ ማታ ስለነበር ሎሽኑን ቀባች። በማግሥቱ ፎቶ ላከችልኝ፤ "ትንሽ ጠቆር ያለ ይመስላል፣ ግን አልቀላም" ይላል መልእክቱ። ስዳስሰው ይሞቃል፣ ይወጠራል። ምላጭ ለዓይን የማይታይ ጭረት ያወጣል፤ አሲድ በዚያ ይገባል። አምስት ቀን ሁሉንም አስቆምኩና ወደ ቫዝሊኑ መለስኳት። ጥር 2 በዩሪያ ብቻ፣ በየሦስተኛው ማታ ጀመረች፤ በሳምንቱ ወደ ቀድሞው ተመለሰች። ከመላጨትም ሆነ በሰም ከመንቀል በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ማረፍ እንደሚገባ አስቀድሜ አለመንገሬ የእኔ ጥፋት ነው።

ሌላው እሷ የረሳችው ፀሐይን ነው። ላክቲክ አሲድ የሚቀባ ቆዳ ፀሐይ ቶሎ ይጎዳዋል፤ የታኅሣሥ የአዲስ አበባ ፀሐይ ደግሞ አየሩ ስለሚበርድ አይታወቅም። ማታ ቀብቶ ጠዋት መታጠብ፣ ቀን ደግሞ በስስ ጥጥ እጅጌ መሸፈን ርካሹ መላ ነው። ጠባብና ሻካራ የሱፍ ሹራብ በቀጥታ ቆዳ ላይ መልበስ ግን ያሻሸዋል፤ ከሥሩ የጥጥ ነገር ይግባ።

እዚህ ላይ የማልዘለው ነገር አለ። ክንድ ላይ የወጣ ፍሬ ሁሉ ይህ አይደለም። ኬራቶሲስ ፒላሪስ ለዓመታት በአንድ ቦታ የሚቆይ፣ የማያም፣ ቢያሳክክ እንኳ በትንሹ የሆነ፣ በሁለቱም ክንድ እኩል የሚወጣ ነገር ነው፤ ጭን፣ መቀመጫና የልጆች ጉንጭ ላይም ይታያል። መግል ከያዘና ካመመ የጠጉር ሥር ቁስለት ሊሆን ይችላል። ሌሊት ሌሊት አጥብቆ ካሳከከና ቤተሰቡም ካከከ እከክን አስቡ። ክርንና ጉልበት ላይ ትልልቅ ሾጣጣ ፍሬ የወጣበት፣ ማታ ማታ ዳፍንት የጀመረው ልጅ ደግሞ ቫይታሚን ኤ አንሶት ሊሆን ስለሚችል ቅባት ሳይፈለግ በቶሎ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ቅንድቡ እየሳሳ፣ እብጠቱ ፊት ላይ ጠባሳ እየተወ የሚሄድበት ሰውም የቆዳ ሐኪም ያስፈልገዋል።

የሠርጉ ሳምንት እሑድ በሳንቲሙ ክብ ውስጥ አምስት ቆጠርን። ጣት ሲሄድበት እብጠቱ እምብዛም አይታወቅም። ጥቋቁር ነጥቦቹ ግን አሉ፤ ፈዘዝ ብለዋል እንጂ አልሄዱም። እብጠቱ በሳምንታት ሲለሰልስ ቀለሙ የሚለቀው በወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ቆይቶ ነው። የሚያነጣ ክሬም እንድፈልግላት ለመነችኝ፤ እምቢ አልኳት። ጥር 24 ጠዋት ሜካፕ የሠራችላት ልጅ የፊቷን ፋውንዴሽን ስስ አድርጋ ክንዷ ላይ ቀባቻት፤ በቃ።

ከሠርጉ በኋላ ሁሉንም ተወችው፤ "ድኛለሁ" ብላ። መጋቢት አጋማሽ ላይ ያንኑ ክብ ስንቆጥር 12 ሆነው ጠበቁን። ውታፉን የሚሠራው ቆዳ አልተለወጠምና መመለሱ አይቀርም። አሁን ዩሪያውን በሳምንት ሁለት ማታ ትቀባለች፤ በየሻወሩ ቫዝሊኗ አለ። ባለፈው ቲዩቧ በአሥራ አምስት ቀን አለቀባት፤ ታበዛለች ብዬ ልቆጣት ስል እናቷ የሹራቧን እጅጌ እንደገና ሰበሰበች።